የብስክሌት ቆጣሪ ሲሳሳት፦ ርቀትንና አማካይ ፍጥነትን ማቃናት

በመርካቶ ሶማሌ ተራ ከመኪና መለዋወጫ መደብሮች በአንዱ ደጃፍ ላይ ሁለት ተማሪዎች ብስክሌታቸውን አቁመው ሲከራከሩ አገኘናቸው። ሁለቱም የዚያን ዕለት ጠዋት ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ጎን ለጎን ተጉዘው ተመልሰዋል። በብስክሌቶቻቸው መሪ ላይ የተገጠሙት ትንንሽ ቆጣሪዎች የተጓዙበትን ጊዜ እኩል ሁለት ሰዓት ብለው መዝግበውታል። በርቀቱ ግን አልተስማሙም፤ የአንደኛው 41.92 ኪሎ ሜትር ሲል የሁለተኛው 40.8 አካባቢ ይላል። 41.92 ያነበበው ወጣት ከወትሮው የተለየ ደስታ ይታይበት ነበር። ባለፉት ሳምንታት በዚሁ መንገድ ላይ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 20.6 ኪሎ ሜትር ነበር፤ አሁን 21.0 ሆኗል። ልምምዱ ፍሬ እያፈራ መሆኑን ከዚህ የተሻለ ምን ያስረዳል?

ነገሩ የተገለጠው የመደብሩ ባለቤት ጥያቄ ባነሱ ጊዜ ነው። «ልጄ፣ በቅርቡ የነካካኸው ነገር አለ?» አሉት። «ባትሪው አልቆ ለወጥኩት እንጂ ሌላ የነካሁት የለም፣ ጋሼ» ሲል መለሰ። ቆጣሪው ባትሪው ሲወጣ የጎማውን ልክ ረስቶ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ ተሰጠው ቁጥር ተመልሶ ነበር። ባለ መደብሩ ነገሩ የገባቸው ወዲያው ነው፤ እርሳቸው በመኪና የሚያውቁት ጉዳይ ነውና። መኪና ትልቅ ጎማ ሲገጠምለት የፍጥነት መለኪያው ከእውነቱ ያነሰ ያሳያል፤ መለኪያው የሚያውቀው የቀድሞውን ጎማ ብቻ ነው። የወጣቱ ብስክሌት ችግር የዚህ ግልባጭ ነበር፤ ጎማው ሳይለወጥ ቆጣሪው ጎማው ትልቅ ነው ብሎ አመነ።

የብስክሌት ቆጣሪ መንገድን አይለካም። የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው። በፊት ጎማ ሽቦ ላይ የታሰረች ማግኔት ጎማውን በሚይዘው ሹካ ላይ ባለው ሴንሰር ፊት ባለፈች ቁጥር አንድ ምልክት ይደርሰዋል። ቆጣሪው ዙሮቹን ደምሮ በጎማው ዙሪያ ርዝመት ያባዛል፤ ርቀት የምንለው ይህ ብዜት ነው። ጊዜን የሚሰጠው ደግሞ በውስጡ ያለው ሰዓት ነው፤ ይህም ከጎማው ልክ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ስለዚህ የጎማው ልክ በስሕተት ሲገባ ዙሮቹም ጊዜውም ትክክል ናቸው፤ የተሳሳተው ማባዣው ብቻ ነው። የጉዞው መዝገብ ሊድን የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቆጣሪውን ስንከፍተው የገባበት ቁጥር 2096 ሚሊ ሜትር ሆኖ አገኘነው። ይህ ቀጭን ጎማ ላለው የእሽቅድድም ብስክሌት በሰንጠረዦች የሚሰጠው ልክ ነው። የወጣቱ ብስክሌት ግን ባለ 26 ኢንች ነበር። እውነተኛውን ልክ ለማወቅ «26 ኢንች» የሚለውን ጽሑፍ በ2.54 እና በ3.14 ማባዛት ይቀላል ብለን አስበን ነበር፤ ሆኖም ጎማ ላይ የተጻፈው ቁጥር የመጠን ስም እንጂ የተለካ ዲያሜትር አይደለም። እዚያው በለካንበት ቦታ ያደረግነው እነሆ። ጎማው በሚገባ ተነፋ፤ ወጣቱ እንደ ወትሮው ብስክሌቱ ላይ ተቀመጠ፤ የሰው ክብደት ጎማውን ተጭኖ ዙሪያውን በጥቂቱ ያሳጥረዋልና። የጎማው መንፊያ ጫፍ ከመሬት ጋር በቀጥታ ሲቆም በጠመኔ ምልክት አደረግን። ጓደኛው እየደገፈው ብስክሌቱ አምስት ዙር በቀጥታ መስመር ሄደ፤ ሌላ ምልክት አደረግን። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት 10 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ ለአምስት ሲካፈል 2040 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። አምስት ዙር የመረጥነው በምክንያት ነው። በአንድ ዙር ላይ የአንድ ሳንቲ ሜትር ስሕተት ብንሠራ በ40 ኪሎ ሜትር ወደ 200 ሜትር ያሳስተናል፤ በአምስት ዙር ላይ ግን ያው ስሕተት ወደ 40 ሜትር ይወርዳል።

ከዚህ በኋላ ያለው ስሌት አንድ መስመር ነው። ቆጣሪው ያሳየውን በእውነተኛው ልክ አባዝተን በስሕተት ለገባው ልክ እናካፍላለን፦

41.92 × 2040 ÷ 2096 = 40.80

የተጓዙት 40.80 ኪሎ ሜትር ነው፤ የጓደኛው ቆጣሪ ትክክል ነበር። ሁለት ሰዓቱ ስለማይለወጥ አማካይ ፍጥነቱ 20.4 ይሆናል፤ ከፍተኛው ፍጥነትም በዚያው ንጽጽር ይቀንሳል። ወጣቱ ከ20.6 ወደ 21.0 አድጌያለሁ ብሎ የጻፈው ጉዞ በእርግጥ ከቀድሞው የዘገየ ነበር። 2.7 ከመቶ ያህል የሆነች ስሕተት በአንድ ጉዞ ላይ ትንሽ ትመስላለች፤ የአንድ ሳምንት ልምምድ ከሚያመጣው ለውጥ ጋር ስትነጻጸር ግን ለውጡን ገልብጣ ልታሳይ ትችላለች።

ይበልጥ የሚያሳስተው ጠቅላላ ድምሩ ነው። ወጣቱ ባትሪውን ከመለወጡ በፊት 612.0 ኪሎ ሜትር መድረሱን በደብተሩ ጽፎ ስለነበር ቁጥሩን መልሶ አስገብቶታል። አሁን ቆጣሪው 821.6 ያነባል። ይህን ሙሉ ቁጥር በ2040 አባዝቶ ለ2096 ማካፈል 799.6 ያህል ያመጣል፤ ይህ ስሕተት ነው። የመጀመሪያው 612 በትክክለኛ ልክ የተቆጠረ ስለሆነ መነካት የለበትም። መታረም ያለበት ከዚያ በኋላ የተጨመረው 209.6 ብቻ ነው፤ እርሱም 204.0 ይሆናል። ድምሩ 816.0 ነው። ደብተር ባይኖር ኖሮ ድንበሩ የት እንደነበር ማወቂያ አይኖረንም ነበር።

ጉዞ ላይ ሳሉ ስሕተቱን ተረድቶ ልኩን ማስተካከልስ? እዚህ ላይ ቆጣሪዎች ይለያያሉ። አንዳንዱ የተጠራቀመውን ርቀት እንዳለ ትቶ አዲሱን ልክ ለሚቀጥሉት ዙሮች ብቻ ይጠቀማል። ሌላው ዙሮቹን ራሳቸውን ስለሚይዝ ሁሉንም እንደገና ያሰላል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ልኩ ከመለወጡ በፊትና በኋላ ርቀቱን ማንበብ ይበቃል፤ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ አርመን ከሁለተኛው ጋር እንደምራለን፤ ከዚያም ድምሩን ለጠቅላላው ጊዜ እናካፍላለን። የሁለቱን ክፍሎች አማካይ ፍጥነት ደምሮ ለሁለት ማካፈል የሚያስኬደው ክፍሎቹ እኩል ጊዜ ከወሰዱ ብቻ ነው።

ይህ መንገድ የማያድነውም አለ። ማግኔቷ ከሴንሰሩ ርቃ አንዳንድ ዙር ካመለጠ የጠፋው የዙሩ ቁጥር ራሱ ነው፤ ምን ያህል እንደጠፋም የሚነግረን ንጽጽር የለም። ልዩነቱን መለየት አያስቸግርም። የጎማ ልክ ስሕተት ሁልጊዜ በአንድ ልክ ያበዛል ወይም ያሳንሳል፤ ያመለጠ ዙር ግን ብስክሌቱ እየሄደ ሳለ ፍጥነቱን በድንገት ዝቅ፣ አልፎ አልፎም ዜሮ ያደርገዋል። የወጣቱ ቆጣሪ ይህ አልታየበትም። 2040 ብሎ አስገባ፤ ደብተሩን ከፍቶ ባትሪውን ከለወጠበት ቀን ወዲህ ያሉትን ገጾች አንድ በአንድ ያርም ጀመር።