የኦስሎ ከተማ በሁለት ቁጥሮች፦ ኬክሮስና ኬንትሮስ አንድን ቦታ እንዴት ይለያሉ?

በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ፣ ከንጉሡ ቤተ መንግሥት ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ጉልላት ያለው አንድ አሮጌ ሕንፃ ቆሟል። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1833 የተሠራ የከዋክብት መመልከቻ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ኃላፊው ክሪስቶፈር ሀንስቴን የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር። ከተማዋ በዚያን ጊዜ ክርስቲያኒያ ትባል ነበር። በመመልከቻው ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ካሉባቸው ሥራዎች አንዱ ለዛሬ ተማሪ ቀላል የሚመስል ጥያቄ መመለስ ነበር፦ ይህ ሕንፃ በምድር ላይ በትክክል የት ነው?

መልሱ ሁለት ቁጥሮች አሉት። ኬክሮሱ 59 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ሰሜን፣ ኬንትሮሱ ደግሞ 10 ዲግሪ ከ43 ደቂቃ ምሥራቅ ነው። ዛሬ ስልክ ያለው ሁሉ ይህን በቅጽበት ያገኘዋል። በዚያ ዘመን ግን የመጀመሪያው ቁጥር ከሰማይ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከሰዓት ይገኝ ነበር። ሁለቱ የተገኙበትን መንገድ የተከተለ ሰው የቁጥሮቹን ምንነትም ይረዳል።

አንዱ ብቻውን ለምን አይበቃም?

ኬክሮስ አንድ ቦታ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቀ የሚናገር የማዕዘን ልክ ነው። የምድር ወገብ 0 ዲግሪ፣ ሁለቱ ዋልታዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው 90 ዲግሪ ናቸው። ስለዚህ «60 ዲግሪ ሰሜን ገደማ» የሚለው መረጃ ኦስሎ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ዋልታ ከሚወስደው መንገድ ሁለት ሦስተኛው ላይ እንዳለች ይነግረናል።

ሆኖም በዚያው ኬክሮስ ላይ ያለው ኦስሎ ብቻ አይደለም። የሩሲያዋ ሴንት ፒተርስበርግም ከምድር ወገብ የምትርቀው ከኦስሎ ጋር በእጅጉ ተቀራራቢ በሆነ መጠን ነው። እንዲያውም አንድ ኬክሮስ የሚያመለክተው ምድርን ዞሮ ወደ መነሻው የሚመለስ ሙሉ ክብ ነው። ኬክሮስ ብቻ የተነገረው ሰው በዚያ ክብ ላይ የት እንደሚቆም አያውቅም።

ኬንትሮስ ደግሞ አንድ ቦታ ለንደን ውስጥ በግሪንዊች በኩል ከሚያልፈው የዜሮ መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደራቀ ይናገራል። እርሱም ብቻውን አይበቃም። በኦስሎ የሚያልፈው የኬንትሮስ መስመር ወደ ደቡብ ሲወርድ በጀርመኗ ሉቤክ አጠገብ አልፎ፣ ሜዲትራንያንን ተሻግሮ፣ በቱኒዚያዋ ስፋክስ ከተማ አካባቢ ይደርሳል። የኬክሮሱ ክብና የኬንትሮሱ መስመር የሚገናኙት ግን በአንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ያቺ ነጥብ ኦስሎ ናት።

የመጀመሪያው ቁጥር ከሰማይ

የሰሜን ኮከብ በሰሜን ዋልታ አናት ላይ ያለች ያህል ትታያለች። በዋልታው ላይ የቆመ ሰው ቀና ብሎ ከራሱ በላይ፣ በ90 ዲግሪ ከፍታ ያገኛታል። በምድር ወገብ ላይ የቆመ ሰው ግን በአድማሱ ላይ፣ በ0 ዲግሪ ትሆንበታለች። በመካከል ላሉ ቦታዎችም ሕጉ ያው ነው፤ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያላት ከፍታ ከተመልካቹ ኬክሮስ ጋር እኩል ይሆናል ማለት ይቻላል።

ይህን ያለ መሣሪያ መሞከር ይቻላል። ክንድን ወደ ፊት ዘርግተው የጨበጡት እጅ ወርድ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ኦስሎ ላይ ከአድማስ እስከ ሰሜን ኮከብ ስድስት ጭብጥ ያህል ይቆጠራል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ገደማ ላይ ስለሆነች ከአንድ ጭብጥ እንኳ አያልፍም። እንደ ቆሙበት ቦታ ሕንፃ ወይም የእንጦጦ ተራራ ኮከቧን ሊጋርዳትም ይችላል።

በመመልከቻው ውስጥ ግን «ያህል» የሚለው ቃል በቂ አልነበረም። የሰሜን ኮከብ በትክክል በዋልታው ነጥብ ላይ ስላልሆነች በዋልታው ዙሪያ ትንሽ ክብ ትሠራለች። በ1833 አካባቢ ከዋልታው ነጥብ ያላት ርቀት ከአንድ ዲግሪ ተኩል ትንሽ የሚበልጥ ነበር። መፍትሔው ሁለት ጊዜ መለካት ነው። ኮከቧ በክቧ ላይኛ ጫፍ ስትደርስ 61.5 ዲግሪ፣ ከ12 ሰዓት ገደማ በኋላ በታችኛው ጫፍ ስትደርስ ደግሞ 58.3 ዲግሪ ተለካ እንበል። የሁለቱ አማካይ 59.9 ዲግሪ ይሆናል፤ ይህም የዋልታው ከፍታ፣ ማለትም የኦስሎ ኬክሮስ ነው። በታኅሣሥ ወር የኦስሎ ሌሊት 18 ሰዓት ያህል ስለሚረዝም፣ ሁለቱንም ልኬት በአንድ ሌሊት መጨረስ ይቻላል።

አንድ እርማት ይቀራል። የኮከብ ብርሃን ወደ አየር ሲገባ ስለሚታጠፍ ኮከቧ ከእውነተኛ ቦታዋ ትንሽ ከፍ ብላ ትታያለች። በ60 ዲግሪ ከፍታ ላይ ይህ መታጠፍ ከአንድ ዲግሪ መቶኛ እጅ አይበልጥም። ነገር ግን አንድ የኬክሮስ ዲግሪ በመሬት ላይ 111 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን፣ መቶኛው እንኳ ካልታረመ ከተማዋን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ከቦታዋ ያንቀሳቅሳታል።

ሁለተኛው ቁጥር ከሰዓት

ምሥራቅና ምዕራብን በከዋክብት ከፍታ መለየት አይቻልም፤ ምድር በቀን አንድ ጊዜ ስለምትሽከረከር በአንድ ኬክሮስ ላይ ያሉ ቦታዎች ሁሉ በየተራቸው ያንኑ ሰማይ ያያሉ። የሚለያቸው ተራው የሚደርሳቸው ጊዜ ነው። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር፣ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ፣ በ4 ደቂቃ ደግሞ 1 ዲግሪ ትዞራለች።

እንግዲህ በግሪንዊች ጊዜ የተሞላ አስተማማኝ ሰዓት ኦስሎ ደረሰ እንበል። ፀሐይ በኦስሎ ሰማይ ላይ ከፍተኛው ቦታ ስትደርስ፣ ማለትም በከተማዋ እኩለ ቀን ሲሆን፣ ያ ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ሊሆን 43 ደቂቃ ይቀረዋል። በኦስሎ እኩለ ቀን ከግሪንዊች 43 ደቂቃ ቀድሞ ደርሷል ማለት ነው። 43 ለ4 ሲካፈል 10.75 ይሆናል። ፀሐይ ቀድማ የደረሰችው ኦስሎ ላይ ስለሆነ ከተማዋ ከግሪንዊች በስተምሥራቅ ናት፤ ኬንትሮሷም 10.75 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ ነው።

አዲስ አበባም በዚሁ ስሌት ትገኛለች። ኬንትሮሷ 38.75 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ ሲሆን ከኦስሎ በ28 ዲግሪ ትርቃለች። 28 በ4 ሲባዛ 112 ደቂቃ ነው። ፀሐይ በአዲስ አበባ ሰማይ መካከል ከደረሰች ከ1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ በኋላ በኦስሎ ሰማይ መካከል ትደርሳለች።

የዚህ ዘዴ ድካሙ ሰዓቱ ነው። ሰዓቱ በአንድ ደቂቃ ብቻ ቢሳሳት ኬንትሮሱ በሩብ ዲግሪ ይሳሳታል፤ ይህም ኦስሎ ላይ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያው ስሕተት በምድር ወገብ ላይ ቢፈጸም እጥፍ ገደማ፣ 28 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ የመጣው የኬንትሮስ መስመሮች በምድር ወገብ ተራርቀው፣ ወደ ዋልታ እየተጠጋጉ ሄደው፣ በዋልታው ላይ ስለሚገናኙ ነው። አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ አዲስ አበባ ላይ 110 ኪሎ ሜትር ሲሰፋ፣ ኦስሎ ላይ 56 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በተጨማሪም የፀሐይ እኩለ ቀን በዓመት ውስጥ ከመደበኛው ሰዓት እስከ 16 ደቂቃ ስለሚለያይ፣ የዕለቱን ልዩነት ከሠንጠረዥ አይቶ ማረም ግድ ነበር።

ዜሮው የት ነው?

የምድር ወገብን ተፈጥሮ ራሷ ሰጥታናለች። የኬንትሮስ ዜሮ ግን በስምምነት የሚመረጥ ነው። ግሪንዊች የጋራ መነሻ እንዲሆን በዋሽንግተን ጉባኤ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1884 ነበር። ከዚያ በፊት አገሮች የየራሳቸው ዜሮ ነበራቸው፤ የኖርዌይ ካርታዎችም ኬንትሮስን ከኦስሎው የከዋክብት መመልከቻ ይቆጥሩ ነበር። ጊዜም እንዲሁ ነበር፤ ኖርዌይ የዛሬውን የመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት የተቀበለችው በ1895 መጀመሪያ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ የክርስቲያኒያ ሰዓት ከግሪንዊች በ43 ደቂቃ ይቀድም ነበር።

ይህ ምን ችግር ያመጣል? የኖርዌይ ምዕራባዊ ወደብ በርገን ከግሪንዊች 5 ዲግሪ ከ19 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ትገኛለች። ከኦስሎው መመልከቻ ሲቆጠር ግን 10 ዲግሪ ከ43 ላይ 5 ዲግሪ ከ19 ተቀንሶ፣ 5 ዲግሪ ከ24 ደቂቃ ምዕራብ ትሆናለች። ይህን ቁጥር ከአሮጌ ካርታ አንብቦ ከግሪንዊች የተቆጠረ የመሰለው መርከበኛ፣ በርገንን ከስኮትላንድ በስተሰሜን ባለው ባሕር መካከል ይፈልጋታል። ካርታው አልተሳሳተም፤ የተለየው ዜሮው ነው።

በስልክ ዘመን የሚፈጠሩ ስሕተቶች

ዛሬ ሳተላይቶች ሁለቱንም ቁጥሮች ስለሚሰጡ ስሕተቱ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከአጻጻፍ ነው። ኖርዌይ ውስጥ አደጋ የደረሰበት ሰው የቆመበትን ቦታ በስልክ መተግበሪያ ለአምቡላንስ ጥሪ ማዕከል መላክ ይችላል። ቁጥሮቹን በቃል የሚናገር ወይም በእጅ የሚገለብጥ ሰው ግን መጠንቀቅ ይኖርበታል።

በልማድ መጀመሪያ የሚጻፈው ኬክሮስ ነው። የኦስሎ 59.91፣ 10.75 ተገልብጦ 10.75፣ 59.91 ቢባል፣ ነጥቡ ከሶማሊያ የባሕር ዳርቻ በስተምሥራቅ በዐረብ ባሕር ላይ ያርፋል። የአዲስ አበባ 9.02፣ 38.75 ቢገለበጥ ደግሞ ከጣሊያኗ ሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ውኃ ላይ ይወድቃል።

ሌላው ስሕተት ቶሎ አይታይም። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ 59 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ በአሥርዮሽ 59.92 እንጂ 59.55 አይደለም። 59.55 ብሎ የጻፈ ሰው ቦታውን 41 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይወስደዋል። ነጥቡ ያው ኖርዌይ ውስጥ፣ በየብስ ላይ ስለሚያርፍ ስሕተቱን ማንም ላይጠረጥር ይችላል።

ስለዚህ ቁጥሮቹን የሚቀበል ሰው ሦስት ነገር ይመረምራል፦ የትኛው ኬክሮስ፣ የትኛው ኬንትሮስ እንደሆነ፣ ሰሜን ወይም ደቡብ፣ ምሥራቅ ወይም ምዕራብ መባሉን፣ እንዲሁም ክፍልፋዩ በደቂቃ ነው ወይስ በአሥርዮሽ የሚለውን። ከዚያም ነጥቡን በካርታ ላይ አሳርፎ በአካባቢው ከሚታወቅ መንደር ወይም መንገድ ጋር ያስተያየዋል። የኦስሎው አሮጌ መመልከቻ ሠራተኞች ኮከባቸውን ሁለት ጊዜ ይለኩ የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንድ ልኬት ብቻውን ስሕተቱን አይናገርምና።