ስለ ጡት መያዣ ልክ፤ ቍጥሩና ፊደሉ የማይነጣጠሉበት ምክንያት

በመኝታ ቤታችን ከምንኖረው ስድስት ተማሪዎች አንዷ፣ ስሟን እንዳንጠቅስ አደራ ያለችን ጓደኛችን፣ አዳራሽ ገብታ ትምህርት ስትከታተል አንድ እጇ ሥራ አያጣም ነበር። አንድ ጊዜ የጡት መያዣዋን ማንገቻ ወደ ላይ ትስባለች፤ ሌላ ጊዜ እጇን በስውር ወደ ኋላ አዙራ ከጀርባዋ ላይ የተሰቀለውን ወደ ታች ትጐትታለች። ማታ ልብሷን ስታወልቅ በሁለቱም ትከሻዎቿ ላይ ቀይ ሰንበር እናያለን። እርሷ በመጻሕፍት ቦርሳዋ ታመካኝ ነበር፤ እኛም አምነናት ነበር። አንድ ቅዳሜ ማታ ግን ከልብስ ሰፊ የተዋስነውን ሜትር ይዘን ስንለካካ ጥፋቱ የቦርሳው አለመሆኑን ደረስንበት። ያን ማታ የተረዳነውን ለሌሎች እኅቶቻችን ለማካፈል ይህን ጽፈናል። ወንድሞቻችንም ገጹን ሳይዘልሉ ቢያነቡት አንቀየምም።

አስቀድመን በስሞቹ እንስማማ። ጡት የሚገባበትን ጐድጓዳ ክፍል ኩባያ፣ ከኩባያዎቹ ሥር ተነሥቶ ደረትን በመዞር ከጀርባ በመንጠቆ የሚያያዘውን ክፍል መቀነት፣ በትከሻ ላይ የሚያልፉትን ሁለት ጥብጣቦች ማንገቻ እንላቸዋለን።

ብዙዎቻችን ክብደቱን የሚሸከመው ማንገቻው ይመስለናል። እውነቱ ግን አብዛኛውን ክብደት መሸከም ያለበት መቀነቱ መሆኑ ነው። መቀነቱ በጎድን አጥንቶች ዙሪያ ጠበቅ ብሎ ሲቀመጥ ኩባያዎቹ የሚቆሙበት መሠረት ያገኛሉ። የማንገቻው ሥራ የኩባያውን የላይኛውን ጠርዝ ወደ ደረት አቅርቦ መያዝ ብቻ ነው። መቀነቱ የላላ እንደ ሆነ ፊቱ በጡት ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፤ ጀርባው ደግሞ በማንገቻው ተስቦ ወደ ላይ ይወጣል፤ ልክ መጫኛው እንደ ላላ የአህያ ጭነት። ባለቤቷ ጡቷ መውረዱን አይታ ማንገቻውን ታሳጥራለች። ማንገቻው ባጠረ መጠን ጀርባው ይበልጥ ይሰቀላል፤ ጀርባው በተሰቀለ መጠን ፊቱ እንደገና ይወርዳል። ትከሻን የሚቈርጠው ይህ ነው። ጓደኛችን ማንገቻዋን እስከ መጨረሻው አሳጥራ ነበር።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። በጨርቁ ላይ የሚታተመው ልክ ቍጥርና ፊደል ያለው ነው፤ 75 ቢ ወይም 70 ሲ እንደሚባለው። ቍጥሩ የመቀነቱን ልክ ይናገራል። ፊደሉ የጡትን ትልቅነት የሚናገር ይመስላል፤ ነገር ግን ፊደል ብቻውን ምንም አይናገርም። «እኔ ቢ ነኝ» ማለት ቍጥሩ ካልተጨመረበት «እኔ ሁለተኛ ነኝ» እንደ ማለት ነው፤ ከስንት ሰው ሁለተኛ? ፊደሉ የሚያመለክተው በሁለት ልኬቶች መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ይኸውም ከጡት ሥር ያለው የደረት ዙሪያ ከጡት ጫፍ ላይ ከሚያልፈው ዙሪያ ሲቀነስ የሚቀረው ነው። በአውሮፓው አለካክ ልዩነቱ ከ12 እስከ 14 ሴንቲሜትር ሲሆን ኤ፣ እስከ 16 ቢ፣ እስከ 18 ሲ፣ እስከ 20 ዲ ይባላል።

ከዚህ የተነሣ አንድ ሰው ሳይነግረን የማንገምተው ነገር ይመጣል። በቀጭን ደረት ላይ ያለ ሲ እና ከእርሱ አንድ ደረጃ በሚሰፋ ደረት ላይ ያለ ቢ የሚይዙት መጠን አንድ ያህል ነው። የ70 ሲ፣ የ75 ቢ እና የ80 ኤ ኩባያዎች እንደ እኅትማማች ናቸው፤ የሚለያዩት በመቀነታቸው ነው። ስለዚህ መቀነቱን አንድ ደረጃ ማጥበብ የፈለገች ሴት፣ ኩባያው አብሮ እንዳይቀንስባት ፊደሉን አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ አለባት። ይህን ያላወቀች ሴት ገንዘቧን በከንቱ ታወጣለች፤ ጓደኛችን ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

አለካኩ አስቸጋሪ አይደለም። መጀመሪያ ሜትሩን ከጡት ሥር አዙረን፣ ከጀርባም ከፊትም እኩል ከፍታ ላይ መሆኑን በመስታወት ወይም በጓደኛ ዓይን አረጋግጠን፣ ትንፋሻችንን አውጥተን ጠበቅ አድርገን እናነባለን። ቀጥሎ ስፖንጅ የሌለው ጡት መያዣ ለብሰን ሜትሩን በጡት ጫፍ ላይ አዙረን፣ ሥጋውን ሳንጫን ላላ አድርገን እናነባለን። ብቻዋን የምትለካ ሴት ክንዷን ስታነሣ ሜትሩ ከጀርባ ይንሸራተትባታል፤ በሁለት ሰው ቢሆን ይሻላል። ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት ጡት ሊያብጥ ስለሚችል ያን ሰሞን የተገኘውን ልክ ሌላ ጊዜ መድገም ይገባል። አንዱ ጡት ከሌላው መብለጡ የተለመደ ነገር ነው፤ ኩባያው የሚመረጠው ለትልቁ ነው።

የጓደኛችን ልኬት ከጡት ሥር 71፣ በጡት ጫፍ ላይ 88 ሴንቲሜትር ሆነ። 71 የሚገባው ከ68 እስከ 72 ለሚደርስ ደረት ከተሠራው 70 ከሚባለው መቀነት ነው። ከ88 ላይ 71 ሲቀነስ 17 ይቀራል፤ ይህም ሲ ነው። እንግዲህ ልኳ 70 ሲ ነው። ለብሳው የነበረው ግን 75 ቢ ነበር። ኩባያው ጡቷን በልክ ይይዝ ስለ ነበር ጥፋት መኖሩን ማን ይጠረጥራል? የተሳሳተው መቀነቱ ብቻ ነበር።

እርሷ ግን አንድ ነገር ነገረችን። «መቀነቱ እንደ ሰፋኝ ዓምና ጠርጥሬ 70 ገዝቼ ነበር፤ ትንፋሽ ከለከለኝና ተውኩት» አለች። ከሣጥኗ አውጥታ ብታሳየን የታተመበት 70 ቢ ነው። ቍጥሩን ስትቀንስ ፊደሉን ባለበት ትታዋለች፤ ስለዚህ ኩባያውም አብሮ ጠበባት። ጡት በማይበቃው ኩባያ ውስጥ ሲገባ ኩባያውን ከደረት ያርቀዋል፤ ያም መቀነቱን ይወጥረዋል። የለበሰችው ሴት የሚሰማት የመቀነቱ መጥበብ ነው፤ በሽታው ያለው ግን በኩባያው ነው።

ይህን ለመለየት አንዲት ቀላል ዘዴ አለች። ጡት መያዣውን አዙሮ መልበስ ነው፤ ኩባያዎቹ ባዶአቸውን ወደ ጀርባ፣ መንጠቆው ወደ ደረት እንዲሆን። በዚህ ጊዜ መቀነቱ ከጡት ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው ብቻውን ይፈተናል። ጓደኛችን 70ውን እንዲህ ስትለብሰው ያለ ችግር ተነፈሰች፤ ሁለት ጣትም ከሥሩ ገባ። 75ቱን ስታዞረው ግን ሙሉ እጅ ገብቶ ተረፈ። ዓመት ሙሉ የተወነጀለው መቀነት በዚያች ደቂቃ ነጻ ወጣ።

ሜትር በሌለበትም ሰውነት ራሱ ይናገራል። መቀነቱ ከጎን ሲታይ ዙሪያውን እኩል ከፍታ መያዝ አለበት፤ ከጀርባ ወደ ላይ ቅስት ከሠራ ሰፍቷል። ማንገቻዎቹን ከትከሻ ላይ ብናወርዳቸው ኩባያው ወዲያው ከተንሸራተተ እንዲሁ። ሥጋ ከኩባያው ጠርዝ በላይ ወይም በብብት በኩል ከፈሰሰ፣ ወይም በሁለቱ ኩባያዎች መካከል ያለው ክፍል ደረትን ሳይነካ ከተንጠለጠለ፣ ብዙውን ጊዜ ኩባያው ጠቧል። ሽቦ ያለው ከሆነ ሽቦው ከጡቱ ሥር ያለውን እጥፋት ተከትሎ መዞር እንጂ በጡቱ ሥጋ ላይ መቀመጥ የለበትም። ኩባያው ቢጨማደድ ግን ሰፍቷል ብለን አንቸኩል። ጐንበስ ብለን ከጎን በኩል ያለውን ሥጋ በእጃችን ወደ ኩባያው ስንሰበስበው ጭምድዱ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ይህን ሳያደርጉ ልክን መወሰን ጫማን ተረከዝ ሳያስገቡ እንደ መሞከር ነው።

ሲገዙ ሁለት ነገር ማሰብ ይበቃል። አንደኛ፣ አዲስ ጡት መያዣ በመጨረሻው፣ ማለትም በሚላላው መንጠቆ ላይ ሆኖ ጠበቅ ማለት አለበት፤ ላስቲኩ ከጊዜ በኋላ ሲለጠጥ ወደ ውስጠኞቹ መንጠቆዎች መግባት ይቻላልና። ሁለተኛ፣ ቍጥሩ እንደ አገሩ ይለያያል። 70 በሌላው ምልክት 32፣ 75 ደግሞ 34 ይባላል። 70 ሴንቲሜትር ወደ ኢንች ሲለወጥ 27 ተኩል ያህል እንጂ 32 አይሆንም፤ ይህ የሆነው በቀድሞው ልማድ በተለካው ላይ 4 ወይም 5 ኢንች ይጨመር ስለ ነበር ነው፤ ዛሬ የማይጨምሩም አሉ። በፈረንሳይ ምልክት ደግሞ ያው መቀነት 85 ይባላል። ሰልባጅ ከምንመርጥበት ክምር ውስጥ እነዚህ ሁሉ ተደባልቀው ስለሚገኙ፣ እዚያ ቍጥሩን አምኖ ከመግዛት ይልቅ መቀነቱን በእጅ ለጥጦ ሜትር ላይ ማየት ይሻላል።

የቀረው የጓደኛችን 75 ቢ ጉዳይ ነው። ወርኃዊ ገንዘቧ አልቆ ስለ ነበር አዲስ መግዛት አልቻለችም። ነገር ግን ኩባያው የ70 ሲ እኅት አይደለምን? እንግዲያው መቀነቱን ብቻ ማሳጠር በቂ ነበር። ለብሳው ሳለች በሁለቱም ጎን፣ ከኩባያውና ከሽቦው ርቀን ወደ መንጠቆው ጠጋ ብለን፣ ጀርባው ቀጥ ብሎ እስኪቀመጥ ድረስ ጨርቁን በመርፌ ቁልፍ አጠፍነው። በእያንዳንዱ ወገን 2 ሴንቲሜትር ያህል ሆነ። ከዚያ አውልቃ በእጇ ሰፋችው፤ ላስቲኩ እንዳይበጠስ ስፌቱን ጠመዝማዛ አደረገችው፤ ማንገቻዎቹንም መልሳ አረዘመቻቸው። ይህ ዘዴ ለአንድ ደረጃ ብቻ ይሠራል፤ ሁለት ደረጃ ቢጠብ ማንገቻዎቹ ከጀርባ ከመጠን በላይ ይቀራረባሉ። ላስቲኩ ፈጽሞ የሞተ ጨርቅም ቢሰፉት አይነሣም።

70 ቢውን ከእኛ መካከል ደረቷ 69፣ በጡት ጫፍ ላይ 84 የሆነች ወሰደችው። በልዋጩ የአንድ ሳምንት ሻይ ከፍላለች።