ከመቋጫው በፊት ያለች ዝምታ

እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1948 በአሜሪካ ሬዲዮ በተላለፈው የጃክ ቤኒ ዝግጅት ላይ አንድ ዘራፊ በጨለማ መንገድ ሰው ያስቆማል። የቆመው ራሱ ቤኒ ነው። ከጎረቤቱ ከፊልም ተዋናዩ ከሮናልድ ኮልማን የተዋሰውን የኦስካር ሽልማት ይዞ ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር። ዘራፊው «ገንዘብህን ወይስ ሕይወትህን?» ይለዋል።

ቤኒ ዝም ይላል።

ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጠው ታዳሚ ገና ምንም መልስ ሳይሰማ መሳቅ ይጀምራል። ዘራፊው ትዕግሥቱ አልቆ ጥያቄውን ሲደግምበት ቤኒ «እያሰብኩበት ነው!» ብሎ ይጮኽበታል፤ ሳቁም እንደገና ይፈነዳል።

ይህች ቀልድ በአሜሪካ የሬዲዮ ኮሜዲ ታሪክ ውስጥ በጣም ከታወቁት አንዷ ናት። ስለ ቀልድ ጊዜ አጠባበቅ በተወራ ቁጥርም ስሟ ይነሳል። ሬዲዮ ላይ ዝምታ አደገኛ ነው፤ አድማጭ ጣቢያው የተቋረጠ ሊመስለው ይችላል። ታዲያ ቤኒ በምን ተማምኖ ዝም አለ?

በአድማጩ ተማምኖ ነው። ቤኒ በዝግጅቱ የሚጫወተው ገጸ ባሕርይ ወደር የሌለው ቆንቋና ነበር። ገንዘቡን ቤቱ ምድር ቤት ባለ ካዝና ቆልፎ ያስቀምጣል፤ አሮጌ መኪናውን መቀየር አይሆንለትም። አድማጩ ይህን ጠባዩን በየሳምንቱ ሲሰማ ኖሯል። ስለዚህ ዝምታው ሲመጣ ባዶ አልነበረም። አድማጩ «ይህ ሰው በሕይወቱና በገንዘቡ መካከል እያመነታ ነው እኮ!» የሚለውን ሐሳብ ራሱ ሞላበት። ቤኒን የማያውቅ ሰው ያንኑ ቅጂ ቢሰማ ዝምታውን የፈራ ሰው ዝምታ አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

መልሱ የተወለደበት መንገድም ትምህርት አለው። ከደራሲዎቹ አንዱ የነበረው ሚልት ጆሴፍስበርግ በኋላ እንደተረከው፣ እሱና ባልደረባው ጆን ታካቤሪ ከዘራፊው ጥያቄ በኋላ የሚመጣው መልስ ጠፍቷቸው ተቀምጠው ነበር። ጆሴፍስበርግ መልስ አምጣ ብሎ ሲወተውተው ታካቤሪ ተበሳጭቶ «እያሰብኩበት ነው!» አለው። ሁለቱም ሳቁ፤ መልሱም ተገኘ። ያቺ ዓረፍተ ነገር አስቂኝ የሆነችው ከዝምታና ከጉትጎታ በኋላ ስለመጣች ነው።

ከዚህ ተነስቶ «ከመቋጫው በፊት ሁልጊዜ ቆም ማለት ነው» የሚል ሕግ ማውጣት ይቀናል። የቋንቋ ተመራማሪዎቹ ሳልቫቶሬ አታርዶና ሉሲ ፒከሪንግ ተራ ሰዎች ሲቀልዱ ቀድተው ድምፃቸውን በመሣሪያ ሲለኩ ያገኙት ግን ሌላ ነው። ተናጋሪዎቹ ከመቋጫው በፊት ተለይቶ የሚታይ ዝምታ አላደረጉም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። እንዲያውም መቋጫው ከመንደርደሪያው ዝቅ ባለ ቃና ነበር የተነገረው። ማንኛውም ወግ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ድምፅ ስለሚወርድ፣ በወጉ መጨረሻ ላይ ያለው መቋጫም አብሮ ይወርዳል።

ሁለቱ ነገሮች አይጣሉም። ሰዎች ሲነጋገሩ በአንዱ ንግግር ማብቂያና በሌላው መልስ መካከል ያለው ክፍተት በጣም አጭር ነው። በአሥር ቋንቋዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አማካዩን ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ አግኝቶታል። ጆሮ በዚህ ፍጥነት ስለለመደ፣ የአንድ ሰከንድ ዝምታ እንኳ «አንድ ነገር አለ» የሚል መልእክት ያስተላልፋል። አድማጩ በዚያች ሰከንድ የሚያስበው ነገር ካለው ዝምታው ይሠራል። የሚያስበው ከሌለው ግን «አሁን ልትስቁ ነው» የሚል ማስታወቂያ ይሆንና ቀልዱን ያከሽፋል።

በአማርኛ የሚቀልድ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት፤ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋው በግሥ ነው። ይህችን አጭር ቀልድ ለምሳሌ እንውሰድ፦ «ሐኪሙ ሲጋራ ተው አለኝ፤ ተውኩ። መጠጥ ተው አለኝ፤ ተውኩ። ጫት ተው ሲለኝ ግን ሐኪሙን ተውኩት።» የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች በእኩል ፍጥነት፣ ያለ ምንም ማጋነን መነገር አለባቸው። ሥራቸው አድማጩን አንድ ዜማ ማስለመድ ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ ያ ዜማ ይሰበራል።

የሚሰበረው የት ላይ ነው? «ተውኩ» የሚለው ግሥ እንደሚመጣ አድማጩ አስቀድሞ ያውቃል። ያልጠበቀው «ሐኪሙን» የሚለውን ነው። ስለዚህ ቆም የሚባለው «ግን» ካሉ በኋላ ነው፤ ከዚያ «ሐኪሙን ተውኩት» በአንድ ትንፋሽ ይነገራል። ተናጋሪው «ሐኪሙን» ብሎ ከቆመ አድማጩ ቀድሞት ይገባዋል፣ ይስቃል፤ ግሡም በሳቁ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። በሌላ ቀልድ ግን ድንገቴው ያለው ግሡ ራሱ ላይ፣ ወይም አዎንታን ወደ አሉታ በሚቀይረው የግሡ ቅርጽ ላይ ሊሆን ይችላል። ያኔ ማቆሚያው ወደ ግሡ ይጠጋል። ቀልድ ከመናገር በፊት ነገሩን የሚያዞረው ቃል የትኛው እንደሆነ ለይቶ ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከሳቁ በኋላም ሥራ አለ። ሳቅ እየጋለ ሳለ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር የጀመረ ሰው ሳቁንም ይገድለዋል፤ የሚናገረውም አይሰማለትም። ሳቁ ጨርሶ እስኪበርድ የጠበቀ ደግሞ ታዳሚውን እንደ አዲስ ማሞቅ ሊኖርበት ነው። ልምድ ያላቸው የመድረክ ሰዎች የሚቀጥሉት ሳቁ ከጫፍ ደርሶ መውረድ ሲጀምር ነው።

ጽሑፍ ላይ ይህ ሁሉ መሣሪያ የለም። አንባቢ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ዓይኑም ቀድሞ የአንቀጹን መጨረሻ ሊያይ ይችላል። የቤኒን ቀልድ «ዝም አለ» ብሎ መጻፍ ዝምታውን ያስታውቃል እንጂ አያስጠብቅም። ጸሐፊው ማቆየት ከፈለገ ያለው አማራጭ ቃላት መጨመር ነው፦ የዘራፊውን ሽጉጥ መግለጽ፣ ወይም አንቀጽ መስበር።

በአንድ ነገር ግን ጽሑፍ ከንግግር ይበልጣል፤ በተለይ በአማርኛ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ባለዕዳው «ለገና እከፍልሃለሁ» ብሎ ቀጥሮ፣ አበዳሪው በዕለቱ መጥቶ «ዛሬ ገና ነው እኮ፤ ክፈለኝ» ሲለው፣ «ገና ከሆነማ ምን አስቸኮለህ?» ብሎ መለሰለት እንበል። ወረቀት ላይ ሁለቱም «ገና» አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንባቢው ሁለተኛውን ትርጉም ራሱ ፈልጎ ያገኛል። ተናጋሪ ግን መምረጥ አለበት። የአበዳሪውን «ገና» አጥብቆ፣ የባለዕዳውን አላልቶ፣ በመካከላቸው ሳይዘገይ ካልተናገረ ጨዋታው ይጠፋል። ሁለቱንም ያጠበቀ ሰው ቀልዱን ከማብራራት ሌላ ምርጫ አይኖረውም፤ የተብራራ ቀልድ ደግሞ አያስቅም።

እንግዲህ ወረቀት ላይ ያሳቀዎትን ቀልድ ለወዳጅዎ ሊነግሩ ሲያስቡ እንዳለ አይሸምድዱት። መንደርደሪያውን በራስዎ ቃል ያሳጥሩት፤ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ግን ቃል በቃል ይያዙት። ነገሩን የሚያዞረውን ቃል ይለዩ፤ ከእሱ በኋላ ምንም አይጨምሩ።