ለአዘጋጁ ከማቅረባችሁ በፊት

«ስለ ኢቲ 302 አደጋ ልሥራ» የሚል ተለማማጅ ጋዜጠኛ ርዕሰ ጉዳይ እንጂ የዘገባ ሐሳብ አላቀረበም። «ከቦሌ ተነሥተው ያልተመለሱት የበረራ ሠራተኞች ቤተሰቦች ዛሬ እንዴት ይኖራሉ?» ሲል ግን አዘጋጁ የሚመዝነው ጥያቄ ያገኛል። ማጣራቱም ከዚሁ ይጀምራል። «157 መንገደኞች ሞቱ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ የሞቱት ግን 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች ናቸው። የመጀመሪያው አጻጻፍ የዘገባውን ባለቤቶች ራሳቸውን ይሰርዛቸዋል።

ሰዓቱም ያሳስታል። የውጭ ዘገባዎች አውሮፕላኑ 8:38 ላይ ተነሣ ይላሉ፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2:38 ነው። እንዳለ የገለበጠ ሰው በረራውን ከሰዓት በኋላ አደረገው። ማርች 10 ቀን 2019ም መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ሦስት ድረ ገጾች አንድ ዓይነት ቁጥር ስለጻፉ ሦስት ምንጭ አይሆኑም፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ የዜና ወኪል የቀዱ ናቸው። ስለዚህ የአደጋ ምርመራ ቢሮው ያወጣውን የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት ራሱን ክፈቱ።

«አዘጋጁ ያርመው የለ?» የሚል ይኖራል። አዘጋጁ ቋንቋውን ያርማል፤ የእናንተን ማስታወሻና የድምፅ ቅጂ ግን አላየም። «ዜናው ያረጃል» የሚለው ሥጋት እውነትነት አለው፤ ያኔም ያልተረጋገጠውን መስመር አውጥቶ የተረጋገጠውን ማስረከብ ይቻላል።