የሠርግ ካርድ ላይ ስም መቀየር፦ ተረትና እውነታው

ተረት፦ ያለውን ስም አጥፍቶ አዲሱን በዚያው ፎንት መጻፍ በቂ ነው።

የካርዱ ዋና ፋይል በእጅ ካለ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ በቴሌግራም የሚደርሰው ግን JPG ምስል ነው፤ በዚህ ዓይነት ፋይል ውስጥ ስሙም፣ ሐረጉም፣ የወረቀቱ ቀለምም በአንድነት የተቀቡ ነጥቦች ናቸው። ስሙ ሲጠፋ ከሥሩ የሚገኝ ወረቀት የለም፤ ቦታው ከአካባቢው እየተቀዳ መሞላት አለበት። ወጥ ነጭ ወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ ጥለት ያለበት ወረቀት ላይ ግን መጣፊያው ያስታውቃል።

ተረት፦ ከስሙ ሥር የተጠማዘዘው ሐረግ ሳይነካ ይቀራል።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በተያያዘ የላቲን ጽሕፈት Hanna የሚል ስም በ Meron ይተካ እንበል። በመጀመሪያ ምስሉን አጉልቶ መስመሩን መከተል ያስፈልጋል። ሐረጉ ከመጨረሻዋ a ሳይቋረጥ ከወጣ የፊደሏ ጅራት ነው፤ a ስትሄድ ጅራቱ አንጠልጣይ የለውም። በመካከል ክፍተት ካለ ደግሞ ራሱን የቻለ ጌጥ ስለሆነ ባለበት ይቆያል።

ቀጥሎ ሁለቱን n ማነጻጸር ነው። ፍጹም አንድ ከሆኑ ጽሑፉ ከፎንት የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ቢለያዩ ግን የእጅ ጽሑፍ ነው ለማለት አያስቸኩልም፤ ሪቻርድ ሊፕተን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ቁም ጸሐፊዎች እጅ ላይ ተመሥርቶ የሠራው ቢክሃም ስክሪፕት ለአንድ ፊደል በርካታ ቅርጾች አሉት። ፎንቱ ከታወቀ፣ ጅራት ያላት n በዲዛይን ፕሮግራሙ Glyphs ሰሌዳ ውስጥ ትፈለጋለች። ካልተገኘች የድሮው ጅራት በጣም በቀጠነበት ቦታ ተቆርጦ ከአዲሷ n ጋር ይቀጠላል፤ በወፍራሙ ላይ የተቀጠለ መገጣጠሚያው ይታያል።

ስሙ ቦታውን ካልሞላም ወደ ጎን መለጠጥ አያዋጣም፤ የቆሙት ጭረቶች ይወፍራሉ፣ የተጋደሙት ባሉበት ይቀራሉ። በፊደላቱ መካከል ክፍተት መጨመርም ተያይዞ የተጻፈውን ይበጣጥሰዋል።

ተረት፦ የላቲኑ ፎንት ለአማርኛውም ስም ይሠራል።

የላቲን ጌጠኛ ፎንቶች በአብዛኛው የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ፕሮግራሙ ዝም ብሎ እንደ ኒያላ ያለ ሌላ ፎንት ይተካና ስሙ ጌጥ አልባ ሆኖ ይወጣል።

የአማርኛ ፊደላት ግን አይያያዙምና ከካርዱ ላይ ለቃቅሞ መገጣጠም ይቻላል። ለ«ሜሮን» ሮ ከወላጆች ዝርዝር፣ ከ«ወ/ሮ» ላይ ትገኛለች፤ ን የትም አትጠፋም። ሜ ከሌለች ከ«መልካም» መ ተወስዳ፣ በ«ቤተሰብ» ቤ እግር ላይ ያለችው ቀለበት ትጨመርላታለች። የወላጆች ዝርዝር በሌላ ፎንት ከተጻፈ ግን ይህ አይሆንም። በአንድ ፎንት ቢሆንም ከስሙ አንሶ ስለሚጻፍ፣ እንዲያው ሲጎላ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ፊደሉ በፔን መሣሪያ ዙሪያው እንደ አዲስ ተስሎ ነው ወደ ስሙ መጠን የሚያድገው።