ታድሶ መሳቢያ ውስጥ የቀረው ሰርተፊኬት

ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት ለሥራ አስኪያጃችን ያስገባሁት ሪፖርት አራት መስመር ነበር። «በሳምንቱ መጨረሻ በኢሜይል አገልግሎታችን ላይ በተፈጠረ የቴክኒክ ችግር ምክንያት ለተወሰነ ጊዜ የአገልግሎት መቋረጥ ያጋጠመ ሲሆን፣ ችግሩ የተቀረፈ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ» ይላል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወረቀቱ ተመለሰልኝ። «በተፈጠረ» የሚለው ቃል በቀይ እስክሪብቶ ተከቦ፣ ከጎኑ «ማን ፈጠረው?» ተብሎበታል።

ያኔ የአይቲ ኦፊሰር ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ስልሳ ያህል ሠራተኛ ያለው፣ የኢሜይል ሰርቨሩን በራሱ ግቢ የሚያስተዳድር ድርጅት ነው። ከሥራ አስኪያጇ ፊት ስቀመጥ ጥያቄያቸው አጭር ነበር፦ «የጠፋ ደብዳቤ አለ? የገባብን ሰው አለ? ደግሞ ይመጣል?» አራቱ መስመሬ ከሦስቱ አንዱንም አይመልስም። ሁለተኛውን ሪፖርት ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ የሚከተለው ታሪክ የዚያ ሪፖርት ይዘት ነው።

ስልካችሁ ኢሜይል ሊያመጣ ሲሄድ መጀመሪያ የሚያደርገው ሰርቨሩን መታወቂያ መጠየቅ ነው። ያ መታወቂያ ሰርተፊኬት ይባላል። ስልኩ ሦስት ነገር ያያል፦ ስሙ የፈለግሁት ሰርቨር ነው? የፈረመው የማምነው አካል ነው? ቀኑ አላለፈም? ቀኑ በአንዲት ሰከንድ ቢያልፍ እንኳ በሩን ዘግቶ ይመለሳል። ሰርቨሩ ጤነኛ ነው፣ መስመሩ ደህና ነው፣ ደብዳቤዎቹም በየሳጥናቸው አሉ፤ የተበላሸው መተማመኑ ብቻ ነው።

የእኛ ሰርተፊኬት ሌትስ ኢንክሪፕት ከሚባለው፣ በነፃ ከሚሰጠው ተቋም የተወሰደ ነው። ዕድሜው 90 ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ይህ ለማስታወስ ይመቻል፤ መጋቢት 7 የወጣው ሰኔ 7 ያበቃል። ሰኔ 7 ደግሞ ቅዳሜ ዋለ። ሰዓቱ በሰርተፊኬቱ ላይ የተጻፈው በግሪንዊች ነው፦

```
notAfter=Jun 14 02:11:37 2025 GMT
```

በዚህ ላይ ሦስት ሰዓት ጨምረን ወደ እኛ አቆጣጠር ስንመልሰው ከሌሊቱ 11:11 ይሆናል። ይህን ስሌት በሪፖርቱ ውስጥ በዝርዝር አስቀመጥኩት። የሰርቨሩ መዝገብ በአንድ ሰዓት፣ ሠራተኛው በሌላ ሰዓት ስለሚናገር፣ ካልተገለጸ በቀር ሥራ አስኪያጇ ብልሽቱ አርብ ማታ ጀመረ ወይስ ቅዳሜ ቀን ብለው ሲደነጋገሩ ይውላሉ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ስልክ ተደወለልኝ። ሁለተኛው ደዋይ በስልኬ ላይ ስለ ሰርተፊኬት የሚያወራ ማስጠንቀቂያ መጣብኝ ሲለኝ ወዲያው ሰርቨሩ ላይ ገብቼ ፋይሉን አየሁ። ሰርተፊኬቱ የሚያበቃው ነሐሴ 7 ነው ይላል። ሊያበቃ 30 ቀን ሲቀረው ሰርትቦት የሚባለው ፕሮግራም በራሱ አድሶት ኖሯል። ለማረጋገጥ የዌብሜይላችንን ገጽ በብራውዘር ከፈትኩ፤ ያለምንም ማስጠንቀቂያ ተከፈተ። ሰርተፊኬቱን የሚከታተለው የማንቂያ ፕሮግራማችንም አረንጓዴ ነው። «እንግዲያው ሰርተፊኬት አይደለም» ብዬ ደመደምኩ። በሪፖርቱ ውስጥ «ስህተት ቁጥር አንድ፣ የእኔ» ብዬ የጻፍኩት ይህን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለፈው ቀን ለመናገርም ያሳፍራል። መስመሩን ጠረጠርኩ፣ ፋየርዎሉን ፈተሽኩ፣ የአንዱን ሠራተኛ አካውንት ከስልኩ አስጠፍቼ እንደገና አስገባሁ። ሰርቨሩን አጥፍቼ ባስነሳው ኖሮ በሦስት ደቂቃ ያበቃ ነበር፤ ግን ምክንያቱን ሳላውቅ ማስነሳት የሰነፍ ሥራ ነው የሚል ኩራት ነበረኝ። ኩራቱ ልክ ነው ብዬ ዛሬም አምናለሁ፤ ያስከፈለኝ ግን አንድ ሙሉ ቀን ነው።

ፍንጩን የሰጠችኝ የሒሳብ ክፍል ባልደረባዬ ናት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደውላ «እኔ የምልከው ይሄዳል እኮ፤ የሚመጣልኝ ነው የጠፋው» አለች። ይህ እንግዳ ነገር ነው። መላኪያውና መቀበያው አንድ ሰርተፊኬት ነው የሚጠቀሙት፤ አንዱ ሠርቶ ሌላው እንዴት ይቆማል? ያኔ ፋይሉን ማየት ትቼ በሮቹን ራሳቸውን ጠየቅኋቸው። ከኢሜይል ሰርቨር ደብዳቤ የሚወሰድበት በር ቁጥሩ 993 ነው፤ የሚላክበት 587። ስሙን በምሳሌ ተክቼ ትእዛዙ ይህ ነው፦

```
openssl s_client -connect mail.example.org:993 </dev/null \
  | openssl x509 -noout -enddate
```

መልሱ `Jun 14` ሆኖ መጣ። 587ን በ`-starttls smtp` ስጠይቀው `Aug 13` አለኝ፤ ማለትም ነሐሴ 7። አንድ ሰርቨር፣ ሁለት መታወቂያ።

ሥራ አስኪያጇ እዚህ ጋ አስቁመውኝ «ከታደሰ ታዲያ ለምን ያንኑ አሮጌውን ያሳያል?» አሉ። የቀበሌ መታወቂያዎን አድሰው አዲሱን መሳቢያ ውስጥ ቢያስቀምጡት፣ በቦርሳዎ ግን አሮጌውን ይዘው ቢወጡ ጥበቃው መሳቢያዎን አያይም አልኳቸው። በእኛ ሰርቨር ላይ ደብዳቤ የሚያድለው ፕሮግራም ዶቭኮት ይባላል። ሲነሳ ሰርተፊኬቱን አንድ ጊዜ ያነባል፣ ከዚያ በማስታወሻው ይዞት ይኖራል። ዲስኩ ላይ አዲስ ፋይል ቢቀመጥም «እንደገና አንብብ» ካልተባለ አያየውም። ደብዳቤ የሚልከው ፖስትፊክስ ግን እንግዳ የሚቀበሉትን ንዑስ ሂደቶች በየጊዜው ያሰናብትና በአዲስ ይተካል፤ አዲሶቹ ሲነሱ አዲሱን ፋይል ያነባሉ። የዌብሜይሉን ገጽ የሚያሳየውንም ፕሮግራም ሰርትቦት ራሱ ቀስቅሶታል። ማንቂያችን ደግሞ የሚጠይቀው ያንን የዌብ በር ብቻ ስለነበር እውነቱን ነው የተናገረው፤ ያልጠየቅነውን ግን አልነገረንም።

እሑድ ከቀኑ 10:26 ላይ አንድ መስመር ጻፍኩ፦

```
systemctl reload dovecot
```

ወዲያው ስልኮቹ መጮህ ጀመሩ። ከቅዳሜ ሌሊት ጀምሮ 35 ሰዓት ከ15 ደቂቃ መሆኑ ነው።

ጉዳዩ እዚህ ቢያበቃ ሪፖርቱ በአንድ ቀን ይጠናቀቅ ነበር። ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ይህ ሰርቨር ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ ሰርተፊኬቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ታድሷል። ጉድለቱ ከመጀመሪያው ቀን ካለ፣ ለምን እስከ ዛሬ አልታየም? የሰርቨሩን የመነሻ መዝገብ ወደ ኋላ አገላበጥኩ። መልሱ መብራት ነበር። በየጥቂት ሳምንቱ መብራት ይጠፋል፣ አሮጌው ዩፒኤስ አይችልም፣ ሰርቨሩ ይወድቅና ይነሳል። በተነሳ ቁጥር ዶቭኮት አዲሱን ሰርተፊኬት ያነባል። ከእድሳት እስከ ማብቂያ 30 ቀን ስላለ፣ በዚያ መሀል አንድ ጊዜ መብራት መጥፋቱ ይበቃናል። በኋላ ግን ደህና ባትሪና ጄኔሬተር አስገባን። መጋቢት 7 የወጣውን ሰርተፊኬት ዶቭኮት ካነበበ ወዲህ ሰርቨሩ አንድ ቀን እንኳ አልወደቀም፤ በግንቦት የታደሰውንም ዶቭኮት ሊያነበው አልቻለም። መብራት መጥፋቱ ለሁለት ዓመት ሲሠራልን የኖረውን ሥራ ጄኔሬተሩ አስቆመው ማለት ነው። ሥራ አስኪያጇ ይህን ሲያነቡ ሳቁ፤ ጄኔሬተሩን የገዛሁት እኔ ነኝ፣ እኔንም ጻፈኝ አሉ።

ወደ ሦስቱ ጥያቄዎች ስመለስ፣ የጠፋ ደብዳቤ የለም። ከውጭ የሚመጣው የሚገባው በሌላ በር፣ በ25 ነው፤ እዚያ የሚያስተናግደው ፖስትፊክስ ስለሆነ ሁሉም ገብቶ በየሳጥኑ ጠብቋል። የዌብሜይሉም በር ከቅዳሜ እስከ እሑድ ክፍት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት «በብራውዘር ግቡ» ብዬ አንድ መልእክት ብልክ ኖሮ ማንም ሥራ አይፈታም ነበር። ከዘገየሁበት ሰዓት ይልቅ ይህን አለማድረጌ ይከብደኛል፤ ሪፖርቱ ላይም ስህተት ቁጥር ሁለት ነው።

የገባ ሰው ስለመኖሩ የመግቢያ መዝገቡን አጣራሁ፤ ከሠራተኞቹ የተለመዱ መሣሪያዎች ውጭ የተገኘ የለም። ነገር ግን አንድ መልካም ሐሳብ ያለው ባልደረባ በቴሌግራም ግሩፓችን «ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ቀጥል የሚለውን ተጫኑት፣ ይሠራል» ብሎ ነበር። እውነትም ይሠራል። በዚያ ቀን ከበሩ ጀርባ የነበረው የራሳችን ሰርቨር ስለሆነ ምንም አልመጣም። በሌላ ቀን፣ በሆቴል ዋይፋይ ላይ፣ ያው ማስጠንቀቂያ ከሌባ ሰርቨር ቢመጣ ግን የይለፍ ቃሉን አሳልፎ የሚሰጠው ያው ጣት ነው። ተጭነናል ያሉትን ሰባት ሰዎች የይለፍ ቃላቸውን አስቀየርኳቸው።

ደግሞ ይመጣል ወይ ለሚለው ሁለት ነገር አደረግን። መጀመሪያ፣ እድሳቱ በተሳካ ቁጥር ሰርትቦት በራሱ እንዲያስኬደው ይህችን ትንሽ ፋይል `/etc/letsencrypt/renewal-hooks/deploy/` ውስጥ አስቀመጥን፦

```
#!/bin/sh
systemctl reload dovecot
systemctl reload postfix
```

ፋይሉ የመሄድ ፈቃድ በ`chmod +x` ካልተሰጠው አይሠራም፤ ይህን ረስቶ «አስቀምጬዋለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ ማንቂያው ዲስክ ላይ ያለውን ፋይል ሳይሆን 993ን፣ 587ንና የዌቡን በር በየቀኑ እየጠየቀ፣ ከ21 ቀን በታች ሲቀር እንዲጮህ አደረግነው። እድሳቱ 30 ቀን ሲቀር ስለሚሆን፣ 21 ላይ ከጮኸ አንድ ነገር እንደተሰናከለ እርግጥ ነው፤ ሦስት ሳምንት ደግሞ ለማስተካከል ይበቃል።

ሌትስ ኢንክሪፕት በኢሜይል ማስታወሻ ይልክ የነበረውን በዚያው ሰኔ ወር በፈረንጆች 4ኛው ቀን ማቆሙን ጠቅሼ «ማስታወሻው ቢኖር ይድን ነበር» ልል አስቤ ነበር። ግን ሐሰት ይሆን ነበር። ማስታወሻው የሚላከው ላልታደሰ ሰርተፊኬት ነው፤ የእኛ ታድሷል። ሰረዝኩት።

ትልልቆቹም በዚህ ይወድቃሉ። የማይክሮሶፍት ቲምስ በፈረንጆች የካቲት 3 ቀን 2020 ሰኞ ዕለት ለሰዓታት የተዘጋው ያላሳደሱት ሰርተፊኬት ስለነበረ ነው። እድሳቱም እየበዛ ነው የሚሄደው፤ በብራውዘሮች የሚታመን ሰርተፊኬት ከፍተኛ ዕድሜ በፈረንጆች መጋቢት 2029 ወደ 47 ቀን እንዲወርድ ተወስኗል። በእጅና በማስታወሻ ደብተር የሚያድስ የአይቲ ክፍል ካለ ከአሁኑ ቢተወው ይሻለዋል።

ሁለተኛው ሪፖርት ሁለት ገጽ ተኩል ሆኖ ገባ። በዚህኛው ላይ ቀይ እስክሪብቶ አልነበረም፤ ከግርጌው «ለሁሉም ክፍል ይባዛ» ተብሎበታል። ሐምሌ 7 ሰርተፊኬቱ እንደገና ታደሰ። 993ን ጠየቅኩት፤ ጥቅምት 2 አለኝ። ጳጉሜን አምስት ቀን ባትወስድብን ጥቅምት 7 ይሆን ነበር።