ሒሳብ ውስጥ የገባ ብር ሁሉ የባለሒሳቡ ነው?

ለመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት፣ የበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ኤቲኤሞች በተማሪ ተጨናንቀው ነበር። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፍ ችለው ነበርና ወሬው ከዶርም ዶርም እየዞረ ነበር። ባንኩ ነገሩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጾ፣ የወጣበትን ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ አድርሶታል። ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘቡ እንዲመለስ ተማሪዎቻቸውን አሳሰቡ፤ የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖም በፈቃዱ የመለሰ በወንጀል እንደማይጠየቅ ተናገሩ። መጋቢት ሳይወጣ ሦስት አራተኛው ያህል ተመልሶ ገባ። ያልመለሱትን ከ500 በላይ ሰዎች ግን ባንኩ ስማቸውን ለሕዝብ ይፋ አደረገ።

በዚያ ሰሞን በየሻይ ቤቱ ሲነሳ የነበረው ክርክር ዛሬም አላበቃም። «ጥፋቱ የባንኩ ነው፤ እኔ ምን አጠፋሁ?» የሚል አለ። «ሲሳይ ነው» ብሎ የሚገላገልም አለ። ያኔ ስህተቱ የሲስተም ነበር። በየቀኑ የሚደርሰው ግን አነስ ያለና የግለሰብ ነው፦ አንድ ሰው በስልኩ ብር ሲልክ ላላሰበው ሰው ይልካል።

እንበልና አንድ የመርካቶ ነጋዴ ለዕቃ አቅራቢው 48,000 ብር ሊልክ የባንኩን መተግበሪያ ከፈተ። ቀድሞ ካስቀመጣቸው ተቀባዮች መካከል ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ሰዎች አሉ። የመጀመሪያውን ነካ፣ የሒሳቡ ባለቤት ሙሉ ስም ስክሪኑ ላይ መጣለት፣ የአባቱን ስም ሳያነብ የሚስጥር ቁጥሩን አስገብቶ አረጋገጠ። ብሩ ድሮ አንድ ጊዜ ዕቃ ወደ ሸጠችለት አንዲት የሐዋሳ ሴት ሒሳብ ገባ።

ነጋዴው መጀመሪያ የሚያስበው «ባንኩ አሁኑኑ መልሶ ይቆርጥልኛል» ብሎ ነው። ብዙ ላኪ ይህን ያምናል፤ ቅርንጫፍ ሄዶ የሚጣላውም በዚህ ነው። እውነታው ሌላ ነው። ባንኩ በራሱ ስህተት ያስገባውን ገንዘብ ማስተካከልና በደንበኛው ትእዛዝ የተላለፈን ገንዘብ መመለስ አንድ አይደሉም። ነጋዴው ራሱ አዝዟል፣ ራሱ አረጋግጧል፤ ገንዘቡም አሁን በሌላ ደንበኛ ስም ተመዝግቧል። ባንኩ ከእሷ ሒሳብ ለመቀነስ የእሷ ፈቃድ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል። ስልኳንና አድራሻዋን አውጥቶ እንዲሰጠው መጠየቅም አያዋጣም፤ የደንበኛ ምስጢር ነው። ነጋዴው ማድረግ የሚችለው መታወቂያውንና FT ብሎ የሚጀምረው የዝውውር ቁጥር ያለበትን ደረሰኝ ይዞ፣ በጽሑፍ ማመልከት ነው። ቅርንጫፉ ደውሎ ያነጋግራታል። ቀን እየቆጠሩ መጠበቅ ደግ አይደለም፤ ብሩ ከሒሳቡ ከወጣ በኋላ ነገሩ ይከብዳል።

አሁን ወደ ሐዋሳ እንሂድ። ሴትየዋ ጠዋት ስልኳን ስታይ 48,000 ብር ገብቶላታል። አልሰረቀችም፣ አላታለለችም፣ ማንንም አልጠየቀችም። ታዲያ ለምን ትመልሳለች?

መልሱ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ቁጭ ብሏል። አንቀጽ 2162 ያለ በቂ ምክንያት በሌላ ሰው ሥራ ወይም ንብረት የበለጸገ ሰው ባገኘው ጥቅም ልክ ሊክስ እንደሚገባ ይደነግጋል፤ አንቀጽ 2164 ደግሞ መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው መልሶ መጠየቅ እንደሚችል ያስቀምጣል። ልብ በሉ፤ ሕጉ የተቀባዩን ጥፋት አይፈልግም። የሚጠይቀው «ይህ ገንዘብ ወደ አንቺ የመጣው በምን ምክንያት ነው?» ብሎ ነው። ሽያጭ፣ ደመወዝ፣ ብድር፣ ስጦታ ካለ ምክንያት አለ። ከሌለ ገንዘቡ ሒሳቧ ውስጥ ቢያድርም የእሷ አይሆንም። ላኪው ግድየለሽ መሆኑም ይህን አይለውጠውም። መልሶ መጠየቅ የማይችለው ዕዳ እንደሌለበት በደንብ እያወቀ የከፈለ እንደሆነ ነው፤ ስሙን ሳያነብ የተሳሳተ ሰው ደግሞ እያወቀ ከፈለ አይባልም።

ከሁሉ የሚያደናግረው «ካጠፋሁት በኋላ ከየት አምጥቼ?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ እምነቱ ሙሉ በሙሉ ተረት አይደለም፤ ስለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። አንቀጽ 2163 ገንዘቡ ሲጠየቅ ብልጽግናው በእጁ እንደሌለ ማስረዳት ለቻለ ተቀባይ መከላከያ ይሰጠዋል። ግን በሩ ጠባብ ነው። የማስረዳቱ ሸክም የተቀባዩ ነው። መመለስ እንደሚጠየቅ እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ያስተላለፈ ሰውም በዚህ በር አያልፍም። ሴትየዋ በብሩ የሦስት ወር የቤት ኪራይ ብትከፍልስ? ከራሷ ኪስ ሊወጣ የነበረውን አትርፋለች፤ ጥቅሙ አሁንም ከእሷ ጋር ነው። ሳይታሰብ 48,000 ብር ሲገባ «ደመወዝ መስሎኝ ነው» ቢባልም የሚያምን ዳኛ ለማግኘት ይከብዳል። ይልቁንም ባንኩ ከደወለላት በኋላ የምታወጣው እያንዳንዱ ብር በቅን ልቦና የወጣ ሊባል አይችልም። ነገሩ ክስ ላይ ከደረሰ ደግሞ ዋናው ገንዘብ ብቻውን አይጠየቅም። በሕጉ የተቀመጠው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ስለሆነ፣ በ48,000 ብር ላይ በአንድ ዓመት 4,320 ብር ይታሰባል፤ የዳኝነትና የጠበቃ ወጪ ሲጨመርበት ሲሳዩ ዕዳ ይሆናል።

«ቢበዛ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው፤ ማንም አይታሰርም» የሚሉ ሰዎች የንግድ ባንክ ፕሬዚዳንት ከወንጀል ነጻ ይሆናል ያሉት በፈቃዱ የመለሰውን ብቻ እንደነበር ቢያስታውሱ ጥሩ ነው። በደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ2017 አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ 1,400 ራንድ ሊገባላት ሲገባ 14 ሚሊዮን ገባላት። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ራንድ አጠፋች። ፍርድ ቤት በ2022 በስርቆት ጥፋተኛ ናት አለ። የኛ ሕግ ከደቡብ አፍሪካ ሕግ ይለያል፤ ያም ሆኖ የማያውቀውን ገንዘብ እያወቀ የሚበትን ሰው ነገሩ በዕዳ ብቻ ያልቃል ብሎ ባይተማመን ይሻለዋል።

በሌላ በኩል፣ ለመመለስ መቸኮልም የራሱ አደጋ አለው። «እናቴ፣ በስህተት ልኬብሽ ነው፣ ልጄ ሆስፒታል ተኝቷል፣ በዚህ ቁጥር መልሺልኝ» የሚል ስልክ የሚደውሉ አጭበርባሪዎች ሞልተዋል። ብዙ ጊዜ አስቀድመው የባንክ መልእክት የሚመስል አጭር ጽሑፍ ይልካሉ፤ ገንዘብ ግን አልገባም። ሲከፋም የገባው ብር ከሦስተኛ ሰው የተዘረፈ ይሆንና፣ ወደ ሌላ ሒሳብ «የመለሰ» ሰው ገንዘቡን ለሌባ ካሻገረ በኋላ ዋናው ባለቤት ይመጣበታል። ስለዚህ መልእክቱን ሳይሆን ቀሪ ሒሳብን በራስ መተግበሪያ ወይም በቅርንጫፍ ማየት ይቀድማል።

የሐዋሳዋ ሴት ማድረግ ያለባት ቀላል ነው። ብሩን አትንካ። ቅርንጫፏ ሄዳ «ይህ ገንዘብ የእኔ አይደለም» ትበል፤ ወደ መጣበት ሒሳብ እንዲመለስ የፈቃድ ደብዳቤ ፈርማ ቅጂውን ትያዝ። የደወለላት ሰው እውነተኛው ላኪ ከሆነ ባንኩ ያገናኘዋል፤ በሌላ ቁጥር ላኪልኝ እያለ ከወተወተ ስልኩን ትዝጋ።